ሱፐርቫይዘርና ዩዘር፦ ሁለቱ የባዮስ ይለፍ ቃሎች ምኑን ይጠብቃሉ?

ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች አሉ። የአምራቹ አርማ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብሎ የሚጠፋባቸው እነዚያ ሰከንዶች የሌላ ፕሮግራም ጊዜ ናቸው። ይህ ፕሮግራም የሚኖረው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። የቆየ ስሙ ባዮስ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ማሽኖች ዩኢኤፍአይ የሚባለውን ተተኪ ቢይዙም ሰው ሁሉ አሁንም ባዮስ ስለሚለው እኔም እንደዚያው እላለሁ። ሥራው ሜሞሪውንና ዲስኩን ፈትሾ ማስነሳት፣ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሳ መወሰን፣ ከዚያም ማሽኑን ለዊንዶውስ ማስረከብ ነው።

አርማው እንደታየ Del ወይም F2 ከተጫነ የባዮሱ ማስተካከያ ገጽ፣ ማለትም ሴትአፕ፣ ይከፈታል። በቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ ቁልፉ F1 ነው፤ በኤችፒ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ F10። እዚያ ውስጥ «Security» የሚል ክፍል አለ፤ በእሱ ሥር ሁለት የይለፍ ቃል መስመሮች ይገኛሉ። አንዱ እንደ አምራቹ «Supervisor Password» ወይም «Administrator Password» ይባላል። ሌላው «User Password» ሲሆን ቲንክፓድ ላይ «Power-On Password»፣ ዴል ላይ «System Password» ተብሎ ይጻፋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፤ አንዱ የአለቃ፣ አንዱ የተጠቃሚ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን እንደ ትልቅና ትንሽ ቁልፍ በማየቱ ነው። ሱፐርቫይዘር «ጠንካራው»፣ ዩዘር «ቀለል ያለው» ይመስለዋል። ሁለቱ ግን የሚጠብቁት አንድ ነገር አይደለም። የሱፐርቫይዘሩ ይለፍ ቃል የሚጠብቀው ሴትአፑን፣ ማለትም ማሽኑ እንዴትና ከምን እንደሚነሳ የሚወስነውን ቅንብር ነው። ብቻውን ሲገባ ኮምፒውተሩን ለሚያበራ ሰው ምንም አይጠይቅም፤ ማሽኑ እንደ ወትሮው ተነስቶ ዊንዶውስ ይመጣል። ጥያቄው የሚመጣው አንድ ሰው Del ተጭኖ ወደ ሴትአፕ ልግባ ሲል ብቻ ነው። የዩዘሩ ይለፍ ቃል ደግሞ የሚጠብቀው መነሳቱን ነው። ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ዲስኩ ሳይነካ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይታሰብ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ሳጥን ብቅ ትላለች። ትክክለኛው ቃል እስኪጻፍ ድረስ ማሽኑ አይንቀሳቀስም። ብዙዎቹ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ በኋላ ይቆልፉና አጥፍቶ እንደገና ማብራት ግድ ይሆናል።

በየቀኑ የሚጠይቀው ስለሚታይ ሰው የሚያምነው እሱን ነው። ሥልጣኑ ያለው ግን ዝም ብሎ በተቀመጠው በሱፐርቫይዘሩ እጅ ነው። ይህን ሳይለዩ የተቆለፉ ማሽኖች ምን እንደሚገጥማቸው አንድ ጉዳይ ይዘን እንየው።

አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለ እንበል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዴስክቶፖች ባዮሳቸው ኤኤምአይ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ነው፤ ይህ ባዮስ በገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ተማሪዎች ሴትአፕ ውስጥ እየገቡ ቅንብር መቀያየራቸው አስቸግሮታል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ወደ «Security» ይገባል። ሁለቱን መስመሮች ያይና ተማሪ ማለት ተጠቃሚ ነውና «User Password» የሚለውን መርጦ ቃል ያስገባል፤ F10 ተጭኖ መዝግቦ ይወጣል። በማግሥቱ ማሽኖቹ ሲበሩ ሁሉም ይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ኃላፊው ደስ ይለዋል። ተማሪዎቹ መሥራት ስላለባቸው ግን ቃሉን ለእነሱ መንገር ነበረበት፤ ነገራቸው።

ያን ጊዜ፣ ሳያውቀው፣ የማሽኖቹን ሙሉ ሥልጣን አስረከባቸው። ኤኤምአይ ባዮስ ውስጥ «Security» ገጹ ሲከፈት እነዚያን ሁለት መስመሮች ከመድረሳችሁ በፊት አናቱ ላይ አጭር ማብራሪያ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማንም የማያነበው ይህ ጽሑፍ ሙሉውን ነገር ይናገራል። የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል ብቻ ከገባ ሴትአፕ መግባትን ብቻ ይገድባል፤ የሚጠየቀውም ሴትአፕ ሲገባ ብቻ ነው። የተጠቃሚው ብቻ ከገባ ግን የማስነሻ ይለፍ ቃል ይሆናል፤ ማሽኑን ለማስነሳትም ሴትአፕ ለመግባትም ይጠየቃል። ከዚያ የምትከተለዋ ዓረፍተ ነገር ናት ዋናዋ፤ ሴትአፕ ውስጥ ተጠቃሚው የአስተዳዳሪ መብት ይኖረዋል።

ለምን እንዲህ ተደረገ? ነገሩን እንደ ቤት ባለቤትና ተከራይ ማየት ይቻላል። ማሽኑ ባለቤት ነኝ ያለ ሰው ካልተመዘገበለት ቁልፍ ይዞ የገባውን ተከራይ እንደ ባለቤት ይቆጥረዋል። ሌላ ምርጫም የለውም፤ የአስተዳዳሪ ቃል ሳይኖር ተጠቃሚውን ከቅንብሩ ቢከለክል ቅንብሩን ሊቀይር የሚችል ሰው በምድር ላይ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ከተማሪዎቹ አንዱ Del ተጭኖ፣ የተነገረውን ቃል ጽፎ፣ በሙሉ መብት ሴትአፕ ውስጥ ገባ። «Boot» ወደሚለው ክፍል ሄዶ የፍላሽ ዲስኩን ከዲስኩ ቀድሞ እንዲነሳ አደረገው። ፍላሹ ላይ ሳይጫን የሚሠራ ሊኑክስ ነበረ። ማሽኑ ከእሱ ተነሳ፤ የዊንዶውስ የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃልም ትርጉም አጣ። ያንን ቃል የሚጠይቀው ዊንዶውስ ራሱ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ አልተነሳም። የመምህሩ ፈተና ያለበት ፎልደር እንደ ማንኛውም ፎልደር ተከፈተ።

ከዚህ የባሰውም ይቻላል። ያው ተማሪ ባዶ ሆኖ የተቀመጠውን «Administrator Password» መስመር ራሱ ሞልቶት ቢወጣ በማግሥቱ ኃላፊው በራሱ ማሽን ላይ ተከራይ ይሆናል። የሚያውቀው ቃል አሁንም ያስነሳለታል፣ ሴትአፕም ያስገባዋል፤ ነገር ግን መስመሮቹ ሁሉ ደብዝዘው ያገኛቸዋል። ማየት ይችላል፣ መቀየር አይችልም።

ይህ በእናንተ ማሽን ላይ ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ኤኤምአይ ላይ ቀላል መንገድ አለ። ሴትአፕ የመጀመሪያ ገጹን «Main» ላይ ሲከፍት ከቀኑና ከሰዓቱ አጠገብ «Access Level» የሚል መስመር አለ። ተማሪ በሚያውቀው ቃል ግቡና ይህን መስመር አንብቡት። «User» ካለ ደህና ነው። «Administrator» ካለ ያ ቃል የተጠቃሚ ቃል አይደለም፤ በስም ብቻ ነው የተጠቃሚ የሆነው። በአንዳንድ ቆየት ያሉ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ሱፐርቫይዘር ከገባ በኋላ «User Access Level» የሚል ምርጫ ይወጣል። ተጠቃሚው ጨርሶ እንዳይገባ፣ ገብቶ እንዲያይ ብቻ፣ እንደ ቀንና ሰዓት ያሉ ጥቂት ነገሮችን እንዲቀይር ወይም ሁሉን እንዲቀይር መወሰን የሚቻለው በእሱ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ «Full Access» ላይ የሚሆንበት ቦርድ ስላለ ሁለቱንም ቃል ያስገባ ጠንቃቃ ሰው እንኳ ይህችን አልፏት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ላፕቶፖች ይህን ስህተት ገና ከጅምሩ ይከለክላሉ። የሱፐርቫይዘሩ ቃል እስኪገባ ድረስ የዩዘሩ መስመር ደብዝዞ ይቆያል፤ መጀመሪያ ባለቤት ይመዝገብ ነው ነገሩ። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ዴስክቶፖቹም እንዲህ ቢያደርጉ ኖሮ ብዙ ማሠልጠኛና ብዙ ኢንተርኔት ቤት ከጣጣ ይድን ነበር።

እንግዲህ ያ ኃላፊ ምን ማድረግ ነበረበት? መጀመሪያ «Administrator Password» አስገብቶ ለማንም አለመንገር። ቀጥሎ «Boot» ክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን መነሻ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ አድርጎ ከዩኤስቢ መነሳትን መዝጋት። ከዚያ መውጣትና መሞከር። ሙከራውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ሊዘለል ግን አይገባም። ከሴትአፑ ሌላ የመነሻ ምርጫ የምታወጣ አቋራጭ ቁልፍ አለች፤ እንደ ማሽኑ F8፣ F11 ወይም F12 ትሆናለች። አንዳንዱ ባዮስ የአስተዳዳሪ ቃል ካለ ይህችን ምርጫም በቃሉ ይጠብቃታል፤ አንዳንዱ ግን ክፍት ይተዋታል። ቲንክፓድ ላይ ለእሷ ብቻ የተለየ ማብሪያና ማጥፊያ አለ፤ ስሙም «Boot Device List F12 Option» ይባላል። ስለዚህ ፍላሽ ሰክቶ፣ ቁልፏን ተጭኖ፣ ማሽኑ ይነሳ እንደሆነ በዓይን ማየት ነው። ከተነሳ ሴትአፑ ተቆልፎ እንኳ ማሽኑ አልተጠበቀም።

የዩዘሩን ቃልስ? ለማሠልጠኛ ክፍል ባዶ ቢተወው ይሻላል። ሁሉም የሚያውቀው የማስነሻ ቃል ማንንም አይከለክልም። ሌላም ምክንያት አለ፤ መብራት። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ በብዙ ቦርዶች ላይ «Restore AC Power Loss» ይባላል። የፋይል ማከማቻ ሆኖ የሚያገለግል ወይም የካሜራ ቅጂ የሚይዝ ማሽን ይህን ይፈልጋል። የማስነሻ ቃል ከገባበት ግን መብራቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ማሽኑ ተነስቶ እዚያች ሳጥን ላይ ይቆማል፤ ጠዋት ሰው መጥቶ እስኪጽፍለት ድረስ ካሜራው አይቀዳም። የማስነሻ ቃል ትክክለኛ ቦታው አንድ ባለቤት ያለው፣ ከቦርሳ ቦርሳ የሚዞር ላፕቶፕ ነው። እዚያ ላይ ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ተጣምሮ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ላፕቶፑን ያነሳ ሰው ዲስኩ ከመነካቱ በፊት ይቆማል።

ይቆማል ያልኩት ግን ማሽኑን እንጂ ዲስኩን አይደለም። ሁለቱም የባዮስ ይለፍ ቃሎች ዲስኩ ላይ ስላለው ፋይል ምንም አያውቁም። ላፕቶፑ ከሥር ጥቂት ብሎኖች ተፈተውለት ዲስኩ ቢወጣና በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ቢያያዝ ፎቶው፣ የባንክ ወረቀቱ፣ የደንበኛው ሰነድ ሁሉ ይነበባል። ያኛው ኮምፒውተር የእናንተን ባዮስ አይጠይቅም፤ የሚጠይቅበትም መንገድ የለም። ፋይልን የሚጠብቀው ዲስኩን ማመስጠር ነው። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር፣ ሊኑክስ ላይ ሉክስ ይባላል። የተመሰጠረ ዲስክ ወጥቶ ሌላ ማሽን ላይ ቢሰካ የሚታየው ትርጉም የሌለው ዳታ ብቻ ነው።

የሱፐርቫይዘሩ ቃል እዚህ ላይ እንደገና ይጠቅማል። ቢትሎከር ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ እንዳልተነካካ ሲነሳ ይፈትሻል። አንድ ሰው ሴትአፕ ገብቶ «Secure Boot» የሚለውን ቢያጠፋ ቢትሎከር ይደነግጥና የ48 አሃዝ ማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። ያንን ቁጥር ያላስቀመጠ ባለቤት የገዛ ፋይሉን ሊያጣ ይችላል። ሴትአፑን መቆለፍ ይህን ነገር ከልጆችና ከነካኪ እጅ ይከላከላል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ «Hard Disk Password» የሚል ሦስተኛ መስመርም አለ። እሱ ከሁለቱ የተለየ ነው፤ የሚቀመጠው ዲስኩ ራሱ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ማስታወሻ ሳይያዝ የገባ የዲስክ ቃል ከተረሳ ዲስኩን ማስከፈት እጅግ ከባድ ነው። የሦስቱን ልዩነት ሳይረዱ በሦስቱም መስመር ላይ በአንድ ቀን ቃል ማስገባት አልመክርም።

የይለፍ ቃል ሲረሳስ? እዚህ ላይ ዴስክቶፕና ላፕቶፕ ይለያያሉ። በብዙ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዶች ላይ የባዮሱ ይለፍ ቃል፣ ሱፐርቫይዘሩም ጭምር፣ ከሌላው ቅንብር ጋር አብሮ ይጠፋል። ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ ክዳኑ ይከፈታል። ከጠፍጣፋዋ ሲአር2032 ባትሪ አካባቢ «CLRTC» ወይም «CLR_CMOS» የተጻፈባቸው ፒኖች ይገኛሉ። እነሱን ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘት ነው። ሲበራ ቀኑና ሰዓቱ ተዛብቶ፣ ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ተመልሶ፣ ይለፍ ቃሉ ጠፍቶ ይገኛል። ያ የማሠልጠኛ ኃላፊም ማሽኖቹን ያስመለሰው በዚህ መንገድ ነው እንበል። ነገር ግን እሱ የቻለውን ብሎን መፍቻ የያዘ ሁሉ ይችላል፤ ስለዚህ ዴስክቶፕ ላይ የሱፐርቫይዘሩ ቃል የሚጠነክረው ክዳኑ በቁልፍ ከተዘጋ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሰዓቱ ተዛብቶ፣ የባዮሱ ቃል ጠፍቶ የሚገኝ ማሽን ወይ ባትሪው ሞቷል ወይ ሰው ከፍቶታል።

ላፕቶፕ ላይ ታሪኩ ሌላ ነው፤ በተለይ ለቢሮ የተሠሩት ላይ። ቲንክፓድን እንውሰድ። የማስነሻ ቃሉን ሱፐርቫይዘር የሚያውቅ ሰው ሊያጠፋው ይችላል፤ ሱፐርቫይዘር ካልገባ ደግሞ በብዙ ሞዴሎች ባትሪዎቹን በመንቀል ይጠፋል። የሱፐርቫይዘሩ ቃል ግን ባትሪ ቢነቀልም መረጃውን በማይረሳ ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። ባትሪው አንድ ዓመት ተነቅሎ ቢቆይም አይጠፋም። ይህ ቃል ከተረሳ የሌኖቮ ይፋዊ መልስ ማዘርቦርዱን መቀየር ነው። በየጠዋቱ የሚጠይቀው ቃል ሊጠፋ የሚችል ሲሆን፣ ድምፁ የማይሰማው ደግሞ ማዘርቦርድ ያስቀይራል።

ይህ ነገር ለእኛ አገር ገዢ ቀጥታ ይመለከተዋል። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዱባይ የሚመጣው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው ከቢሮ የወጣ ነው፤ ቢሮዎች ደግሞ ሱፐርቫይዘር ያስገባሉ። ሻጩ ያበራላችኋል፣ ዊንዶውስ ይመጣል፣ ቪዲዮ ይከፈታል፣ ሁሉ ደህና ይመስላል፤ የሱፐርቫይዘር ቃል ማስነሳትን አይከለክልምና። ችግሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ ከፍላሽ ልጫን ስትሉ ከዩኤስቢ መነሳት ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። መክፈቻው ሴትአፕ ውስጥ ነው፤ ሴትአፑ ደግሞ የማታውቁትን ቃል ይጠይቃል።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን ራሳችሁ አጥፍታችሁ አብሩ፤ አርማው ሲመጣ F1 ተጫኑ፤ ሌላ ብራንድ ከሆነ የእሱን ቁልፍ። ቃል ሳይጠይቅ ሴትአፑ ከተከፈተና «Security» ውስጥ «Supervisor Password» አልገባም ካለ ነፃ ነው። ቃል ከጠየቀ «ዊንዶውሱ ይሠራል እኮ» የሚል መልስ አትቀበሉ፤ ሻጩ ቃሉን አጥፍቶ ያሳያችሁ። ቲንክፓድ ከሆነ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖም ማረጋገጥ ይቻላል። ፓወርሼልን በአስተዳዳሪ መብት ከፍታችሁ ይህን ጻፉ፦

```
(Get-CimInstance -Namespace root/wmi -ClassName Lenovo_BiosPasswordSettings).PasswordState
```

የሚመጣው ቁጥር 0 ከሆነ የባዮስ ይለፍ ቃል የለም። 1 የማስነሻው ብቻ መኖሩን፣ 2 ሱፐርቫይዘሩ መኖሩን፣ 3 ሁለቱም መኖራቸውን ይነግራል። ትዕዛዙ ያነባል እንጂ ምንም አይቀይርም፤ ስለዚህ ሻጩ የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ላፕቶፑን የምትሸጡት ወይም ለዘመድ የምትልኩት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ማጥፋቱ የእናንተ ሥራ ነው፤ ቃሉን የምታውቁት እናንተ ናችሁና። ሴትአፕ ግቡ፣ «Security» ሥር «Supervisor Password» ላይ Enter ተጫኑ፣ የድሮውን ቃል ጻፉ፣ አዲስ ቃል የሚጠይቁትን ሁለቱን ሳጥኖች ባዶ ትታችሁ Enter ተጫኑና በF10 መዝግባችሁ ውጡ። ከዚያ አንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩና ወደ ሴትአፕ እንደገና ግቡ፤ ምንም ሳይጠይቅ ካስገባችሁ ማሽኑን ማስረከብ ትችላላችሁ።